የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ ወይስ በሁለት ቋንቋ? ከገዢው ተነሥቶ ለመወሰን

በአዲስ አበባ ቤቱን ለመሸጥ የተነሣ ሰው ማስታወቂያውን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይጽፈዋል። ወይ በለመደው አማርኛ ጽፎ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለቀዋል፤ ወይ ደግሞ «እንግሊዝኛ ካለበት ዲያስፖራው ያየዋል» ብሎ ከአማርኛው ሥር የቃል በቃል ትርጉም ይለጥፍበታል። በሁለቱም መንገድ ቋንቋው የሚመረጠው ቤቱን ማን ሊገዛው እንደሚችል ከመታሰቡ በፊት ነው። እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ገዢው ይለያል፣ ቋንቋው ከዚያ ይከተላል። ለማሳያ የምንጠቀመው አክስቴ ሲሸጡ ማስታወቂያውን የጻፍኩላቸውን ቤት ነው፤ አያት አካባቢ፣ በማኅበር በተገኘ 175 ካሬ ቦታ ላይ የተሠራ፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም ያለቀ ጂ+1 መኖሪያ ቤት።

አንደኛ፦ የሚከፍለውን፣ የሚያየውንና የሚወስነውን ለይቶ መጻፍ

ወረቀት ይያዙና ሦስት ጥያቄ ይጻፉ። ገንዘቡ ከማን ይወጣል? ቤቱን በአካል መጥቶ የሚያየው ማን ነው? «ይገዛ» ወይም «ይቅር» የሚለው የመጨረሻ ቃል የማን ነው? ገዢው እዚሁ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ከሆነ ሦስቱም አንድ ሰው ወይም ባልና ሚስት ናቸው፤ አማርኛ ያነብባሉ፣ ቅዳሜ መጥተው ያያሉ፣ ካርታውን ጠይቀው ያጣራሉ። ለእነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛው ምንም አይጨምርላቸውም።

ገዢው ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ግን ሦስቱ ሚናዎች ይበታተናሉ። ገንዘቡ የሚመጣው ከሲያትል ወይም ከዱባይ ነው። ቤቱን የሚያየው አዲስ አበባ ያለው ወንድም ወይም እናት ነው። ውሳኔው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ከላከው ሰው ብቻ ሳይሆን ከትዳር ጓደኛውም ጋር ነው። ውሉንም ቢሆን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ በተላከ ውክልና እዚህ የሚፈርመው ዘመድ ነው። ስለዚህ «ዲያስፖራ» ብለን አንድ ሰው አድርገን የምናስበው ገዢ በእርግጥ ሦስት ወይም አራት አንባቢ ነው፤ ከእነሱም መካከል ማስታወቂያውን መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ እዚህ ያለው ዘመድ ነው። እሱ ደግሞ የሚፈልገው በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ካልጻፍን ዲያስፖራው አያገኘንም የሚለው ሥጋት በአመዛኙ የሚነሣው ይህን ካለማስተዋል ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ቤቱን በሕግ ማን ሊገዛው ይችላል የሚለው ነው። የውጭ ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ካለው ቤት በስሙ መግዛት ይችላል። ከኢትዮጵያዊ ያልተወለደ የውጭ ዜጋ ለረጅም ጊዜ ይህ መንገድ ዝግ ነበረበት፤ በ2017 ዓ.ም ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዋጅ ቢያንስ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ለሚያወጡና ሁኔታዎቹን ለሚያሟሉ ከፍቶታል። ይህን የምጠቅሰው፣ ዋጋው ከዚያ መጠን በታች የሆነ ቤት የሚሸጥ ሰው «ፈረንጅ ይገዛዋል» ብሎ እንግሊዝኛ ቢጽፍ የሚጽፈው ሊገዛ ለማይችል ሰው መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ኪራይ ከሆነ ነገሩ የተለየ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዱ ሰው በእርግጥ ምን እንደሚያነብ ማሰብ

ሰው የሚናገረው ቋንቋና የሚያነበው ቋንቋ አንድ አይደለም፤ ለውሳኔው የሚያስፈልገው ደግሞ ሁለተኛው ነው። በጎልማሳነቱ ከአገር የወጣ ሰው ሠላሳ ዓመት ሜሪላንድ ቢኖርም የቤት ማስታወቂያ በአማርኛ ማንበብ ይቀናዋል፤ እንዲያውም «ነባር ይዞታ» ወይም «የሊዝ ክፍያው ያለቀ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ከሚያነበው ይልቅ በአማርኛ በትክክል ይረዳዋል። በልጅነቱ የሄደው ወይም እዚያው የተወለደው ግን አማርኛ አቀላጥፎ ቢናገርም ፊደሉን ላያነብ ይችላል። በእስራኤል ያደጉ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ የንባብ ቋንቋው ዕብራይስጥ ሆኖ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው ገንዘብ ያጠራቀሙ እህቶቻችን በአብዛኛው በአማርኛ ወይም በራሳቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ያነብባሉ፤ ለእነሱ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጨመር ቤቱ «የእኛ አቅም አይደለም» የሚል ስሜት ከመፍጠር በቀር ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ቋንቋ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። ቤቱ ያለው ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከሆነ ቦታው በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው፤ የይዞታ ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጃል፣ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ በዚያው ቋንቋ ይፈልጋሉ። እዚያ ቤት የሚሸጥ ሰው እንግሊዝኛን ለመጨመር ከመቸኮሉ በፊት አፋን ኦሮሞን ቢጨምር ብዙ ያተርፋል።

ሦስተኛ፦ የሁለተኛውን ቋንቋ ዋጋ አስቦ መወሰን

እንግሊዝኛ መጨመር ወጪ የሌለው ይመስላል። በእርግጥ ግን ሦስት ዕዳ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ስልክ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ይፈልጋል፤ ደዋዩ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጠይቆ መልስ ካጣ ይዘጋዋል፣ ዳግመኛም አይደውልም። አክስቴ እንግሊዝኛ ስለማይመልሱ የዚያን ስልክ እኔ መያዝ ነበረብኝ። ሁለተኛው ግምት ነው። የአገር ውስጥ ገዢ እንግሊዝኛ ያለበትን ማስታወቂያ ሲያይ ዋጋው ለዲያስፖራ ተብሎ የተቆለለ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ይህን በስልክ በግልጽ የነገሩኝ ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ጥገና ነው። ዋጋ ሲቀነስ፣ ቤቱ ሲያዝ፣ የማሳያ ሰዓት ሲለወጥ ሁለቱም ጽሑፍ እኩል መታረም አለበት፤ በአማርኛው 28 ሚሊዮን፣ በእንግሊዝኛው 30 ሚሊዮን የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ሻጩ መጠራጠር ይጀምራል።

እንግዲህ ውሳኔው እንዲህ ነው። በወረቀቱ ላይ ከጻፏቸው ሰዎች መካከል የመወሰን ሥልጣን ኖሮት አማርኛ የማያነብ ሰው ከሌለ በአማርኛ ብቻ ይጻፉ። ኮንዶሚኒየም፣ ካርታው ገና ያልተጠናቀቀ ቤት፣ በአስቸኳይ መሸጥ ያለበት ቤት በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ይወድቃል። በተለይ የሰነድ ጉዳይ ያለበትን ቤት በእንግሊዝኛ ማስተዋወቅ አይመከርም፤ የሰነዱን ሁኔታ ለውጭ አንባቢ በሁለት መስመር አስረድቶ መጨረስ አይቻልም፣ በግማሽ የተገለጸ ሰነድ ደግሞ የማጭበርበር ሽታ አለው።

የሚወስን ግን አማርኛ የማያነብ ሰው ካለ፣ ለምሳሌ የትዳር ጓደኛው የውጭ ሰው ከሆነ ወይም እዚያ ያደጉ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር አዋጥተው የሚገዙ ከሆነ፣ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ነገር ግን አማርኛው ዋናው፣ እንግሊዝኛው አጋዡ ይሁን። እንግሊዝኛው የሚቀድምበት አንድ ግልጽ ሁኔታ ያለው በኪራይ ነው፤ ቦሌ፣ ኦልድ ኤርፖርት ወይም ሳር ቤት አካባቢ ያለን ቤት ለኤምባሲ፣ ለአፍሪካ ኅብረት ሠራተኛ ወይም ለውጭ ድርጅት ማከራየት የሚፈልግ ሰው ዋና አንባቢው የውጭ ሰው ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ይጀምር፤ አማርኛው ለድርጅቱ አስተዳደር ሠራተኛና ለሾፌሩ እንዲበቃ ሆኖ አጭር ቢሆን በቂ ነው።

የአክስቴ ቤት በመካከለኛው ውስጥ ወደቀ። አራት መኝታ ያለው፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ስለሆነ ሊገዙት ከሚችሉት መካከል ጡረታ ሲወጡ ለመመለስ የሚያስቡ የዲያስፖራ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ደግሞ ፊደል የማያነብ ወሳኝ ሰው መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ጻፍን።

አራተኛ፦ አማርኛውን ብቻውን እንደቆመ አድርጎ መጻፍ

ሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እንግሊዝኛው ላይ ሲጨነቅ አማርኛውን ይዘነጋዋል። የአማርኛ አንባቢው በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ሰፈሩን፣ የቦታውን ካሬና የሰነዱን ሁኔታ። የመኝታ ብዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ውብና ዘመናዊ»፣ «ለኑሮ ምቹ»፣ «እንዳያመልጥዎ» የሚሉት ሁሉ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅሙም። ለአክስቴ ቤት የለቀቅነው ይህ ነበር።

> የሚሸጥ ጂ+1 መኖሪያ ቤት፣ አያት፣ ከዋናው አስፋልት 200 ሜትር ገባ ብሎ
> የቦታ ስፋት 175 ካሬ፣ ካርታው በባለቤቷ ስም፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ
> ታች፦ ሳሎን፣ ኩሽና፣ አንድ መኝታ፣ አንድ ሻወር። ላይ፦ ሦስት መኝታ፣ ሁለት ሻወር
> ከዋናው ቤት የተለየ ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ 5,000 ሊትር ታንከር፣ ሁለት መኪና የሚያቆም ግቢ
> በ2004 ዓ.ም ተሠርቶ ያለቀ
> 28 ሚሊዮን ብር፣ መጠነኛ ድርድር አለው
> ለማየት፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት

የካርታውን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዘው አይለቅቁ። የቁም ነገር ገዢ ሲመጣ በአካል ያየዋል፤ አደባባይ የወጣ የካርታ ቅጂ ግን የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

አምስተኛ፦ እንግሊዝኛውን ሳይተረጉሙ እንደ አዲስ መጻፍ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ የተሳሳትኩት እዚሁ ነበር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ ቤት በጻፍኩት ማስታወቂያ ላይ «ካርታ አለው» የሚለውን ቃል በቃል ወስጄ ቤቱ «ማፕ» አለው ብዬ ጽፌ ነበር። ከውጭ የደወለች አንዲት ሴት «ማፑን ጉግል ላይ አገኛለሁ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ ግን የት ነው?» ስትለኝ ነው የገባኝ። በእንግሊዝኛው አንባቢ ዘንድ ካርታ የሚባለው «ታይትል ዲድ» ነው፤ «ማፕ» ብሎ ማለት ወረቀት የለኝም ከማለት አይሻልም።

ከቃል ይልቅ አደገኛው ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር ሳይተረጎም ያልፋል፣ ትርጉሙ ግን ይለወጣል። ዓመተ ምሕረቱን ይመልከቱ። «2004» የሚለው በእንግሊዝኛው ውስጥ እንዳለ ከተቀመጠ አንባቢው የፈረንጆቹን 2004 ስለሚያስብ ቤቱ ወደ ስምንት ዓመት ያረጃል። ሰኔ 2004 ዓ.ም በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2012 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ ወሩን ሳያውቁ «ስምንት ደምሬያለሁ» ማለት አንዳንዴ ያሳስታል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በእንግሊዝኛው 9:00 መሆን አለበት፤ 3:00 ብሎ የተጻፈ ከሆነ ገዢው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጥቶ በር ያንኳኳል፣ ወይም ዘመዱን በዚያ ሰዓት ይልካል። ደዋዩ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ የአዲስ አበባ መሆኑን መጥቀስ ያስፈልጋል።

ካሬውም ሌላ ወጥመድ ነው። እኛ «175 ካሬ» ስንል የቦታውን ስፋት ማለታችን እንደሆነ እርስ በርሳችን እንግባባለን። የውጭ አንባቢ ግን ስለ ቤት ሲነገረው በመጀመሪያ የሚያስበው የወለሉን ስፋት ነው፤ 175 የሚለውን ካየ ለሁለት ፎቅ የጠበበ ቤት አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛው የቦታውና የወለሉ ስፋት ለየብቻ መጻፍ አለበት። የአክስቴን ቤት ሁለቱን ወለል በሜትር ለክተን 210 ካሬ ሜትር አገኘን፤ ይህ ቁጥር በአማርኛው ማስታወቂያ ላይ አልነበረም፣ የጠየቀም ሰው አልነበረም። አሜሪካ ያለ ሰው በስኩዌር ፊት የለመደ ቢሆንም ሜትሩን ብቻ መጻፍ በቂ ነው፤ ማባዛቱን እሱ ይሠራዋል።

ጂ+1 የሚለው ለእኛ ግልጽ ነው፤ ለውጭ አንባቢ ግን ምሥጢር ነው፤ ሁለት ፎቅ ተብሎ ይጻፍ። «ሻወር» እኛ ዘንድ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለበት ሙሉ ክፍል ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን የውኃ መርጫው ብቻ ስለሚመስል «ባዝሩም» ይሁን። «ሳሎን» የሚለውን «ሳሉን» ብለው የሚጽፉት ብዙዎች ናቸው፤ እሱም የመጠጥ ቤት ስም ነው። «ሰርቪስ» ብቻውን ከተጻፈ የመኪና አገልግሎት ወይም ጽዳት ይመስላል፤ ከዋናው ቤት የተለየ የሠራተኛ ማደሪያ መሆኑ መነገር አለበት። «ኮንዶሚኒየም» ደግሞ ለአሜሪካዊው የግል አፓርታማ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን መንግሥት ሠርቶ በዕጣ ያከፋፈለው ቤት ስለሆነ፣ ቃሉን እንዳለ መተው በዋጋም በሚጠበቀው ሁኔታም ላይ አለመግባባት ያመጣል።

ዋጋውን በብር፣ ዜሮዎቹን ሁሉ ዘርዝረው ይጻፉ። በዶላር መጻፍ ብልኃት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተጻፈው የዶላር ዋጋ ከወር በኋላ ሌላ ዋጋ ይሆናል፤ ሽያጩም የሚፈጸመው በብር ነው። «ድርድር አለው» የሚለውን በእንግሊዝኛው ብንተወው የሚሻል ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን የተጻፈው ዋጋ የውሸት ነው ማለት ይመስላል።

ለአክስቴ ቤት በመጨረሻ የተጻፈው እንግሊዝኛ ከዚህ አልበለጠም።

```
House for sale in Ayat, Addis Ababa
Two floors, 4 bedrooms, 3 bathrooms
Plot: 175 sq m. Floor area: 210 sq m
Completed 2012. Title deed in owner's name
Separate two-room staff quarters
Price: 28,000,000 birr
Viewing: 9:00 am to 5:00 pm, Addis Ababa time
```

ታንከሩ እንደቀረ ያስተውላሉ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው 5,000 ሊትር ትልቅ ነገር ነው፤ ለማያውቀው ግን ማብራሪያ ይጠይቃል፣ ማብራሪያው ደግሞ በስልክ ይሻላል። ለኪራይ የውጭ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ግን ታንከሩና፣ ካለ ደግሞ ጄኔሬተሩ፣ መጀመሪያ መስመር ላይ ይወጡ ነበር፤ ድርጅቶቹ እነዚህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁትም እነሱን ነው።

ስድስተኛ፦ በአንድ ማስታወቂያ ወይስ በሁለት?

በቴሌግራም ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ጽሑፍ ለመደበኛ ተጠቃሚ እስከ 1024 ፊደልና ምልክት ነው የሚፈቅደው። ከላይ ያሉት ሁለቱ ጽሑፎች አጫጭር ስለሆኑ ተደምረውም ይገባሉ። ረዘም ካሉ ግን አንዱን ለማስገባት ሌላውን ከመቁረጥ ለየብቻ መልቀቅ ይሻላል። በፌስቡክ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ስለሚታጠፍ ከላይ ያለው ቋንቋ ብቻ ነው በቅድሚያ የሚታየው፤ ሁለቱ በአንድ ከሆኑ ዋናው ገዢ የሚያነበው ከላይ ይሁን፣ ሌላኛው ከታች መኖሩን የምትጠቁም አንዲት አጭር መስመርም ከአናቱ ትቀመጥ። አማርኛና እንግሊዝኛውን በየመስመሩ እያፈራረቁ መጻፍ ግን ሁለቱንም አንባቢ ያደክማል።

የሰፈሩ ስም በሁለቱም ፊደል መኖሩ ለፍለጋ ይጠቅማል፤ አማርኛ ብቻ ለሚጽፍም ሰው ቢሆን ይህን እመክራለሁ። ፍለጋው የሚያየው የተጻፈውን ፊደል እንጂ ድምፁን አይደለም፤ «አያት» ብሎ የጻፈ ሰው «Ayat» ብሎ ለሚፈልገው አይታይም። «ሲኤምሲ» እና «CMC»፣ «ጂ+1» እና «G+1» እንዲሁ ናቸው፤ እንደ ካዛንቺስ ያለ ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስላለው የተለመደውን መርጦ መጻፍ ነው።

ስልኩን በአማርኛው በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን፣ በእንግሊዝኛው ዜሮውን አስቀርተው ከ+251 ጋር ይጻፉት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ለሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት የተለያየ ሲም ያስገቡ። እኛ ለአማርኛው የአክስቴን የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር፣ ለእንግሊዝኛው የኔን የሳፋሪኮም ቁጥር አደረግን። ይህ ማን እንደሚመልስ ከመለየቱም በላይ፣ የትኛው ቋንቋ ምን እንዳመጣ ያለ ግምት ለማወቅ ይረዳል።

ሰባተኛ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆጥሮ ማስተካከል

ደዋዮቹን በደብተር ይመዝግቡ፤ ቀኑን፣ በየትኛው ቁጥር እንደደወሉ፣ ደላላ ወይም ገዢ መሆናቸውን፣ ከየት እንዳገኙትና የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን። የመጀመሪያው ጥያቄ ማስታወቂያው የት ላይ እንደጎደለ ይናገራል። አማርኛውን ያነበቡት ሁሉ «ቦታው በትክክል የት ነው?» ካሉ የሰፈሩ መስመር ደካማ ነው። በእንግሊዝኛው ቁጥር የሚደውሉት ሁሉ አማርኛ የሚናገሩ ደላሎች ከሆኑ እንግሊዝኛው የጠራው ገዢ የለም፤ ያንሡት። ገዢዎቹ ከሁለቱም ቁጥር የሚደውሉ ከሆነ ይቆይ።

በአክስቴ ደብተር ላይ በሦስት ሳምንት ውስጥ በአማርኛው ቁጥር 34 ሰው፣ በእንግሊዝኛው 6 ሰው ደውሎ ነበር። ከ34ቱ 21ዱ ደላሎች ነበሩ። ከ6ቱ አራቱ እንዲሁ ደላሎች ስለነበሩ እንግሊዝኛውን ላነሣው ነበር። ያላነሣሁት ከአማርኛው ደዋዮች አንዱ፣ ቤቱን ሁለቴ መጥቶ ያየ ወጣት፣ በሦስተኛው ቀን «ያንን በእንግሊዝኛ የጻፉትን ደግሞ ይላኩልኝ፣ የእህቴ ባል ያንብበው» ስላለኝ ነው። እህቱ ሲያትል ነበረች። ባሏ ያነበበውን ይዞ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ 210 ካሬ ሜትር ከተባለው ወለል ውስጥ ሰርቪሱ ይቆጠራል ወይ? አይቆጠርም ነበር፤ ይህንንም በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ይገባኝ ነበር። ወንድሟ ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን በቪዲዮ ከፍቶ ቤቱን ክፍል በክፍል ሲያዞራቸው፣ እዚያ በፈረንጆቹ ሰዓት ዓርብ ማታ 11:00 ነበር፤ ባልና ሚስቱ ሰዓቱን ሳይሳሳቱ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።